ተማሪዋ ሁለት ጊዜ የጻፈችው ማመልከቻ፦ ለቤተሰብ ሲባል ሴሚስተር ማቋረጥ እንዴት ይጠየቃል?

ተማሪዋ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነበረች። የምትማረው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከቤተሰቦቿ ከተማ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ያስኬዳል። እኔ የክፍሏ አማካሪ መምህር ነበርኩ። የእሷንም የዩኒቨርሲቲውንም ስም አልጠቅስም። በየዓመቱ ይህን የመሰለ ማመልከቻ ይዘው ቢሮዬን የሚያንኳኩ ልጆች አሉ። ችግራቸው እውነተኛ ሆኖ ሳለ በወረቀቱ ምክንያት የሚጉላሉት ብዙ ናቸው። የእሷን ጉዳይ የመረጥኩት መጀመሪያ ተመልሶባት፣ ቀጥሎ ስለተሳካላት ነው። ሁለቱን ማመልከቻዎች ጎን ለጎን ማየት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 22 ቀን እናቷ በስትሮክ ወደቁ። ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸውም ተያዘ። አባቷ ካረፉ ቆይተዋል። ታላቅ እህቷ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ቤቱ የሚተዳደረው እሷ በምትልከው ነው፤ ሥራዋን ጥላ ብትመጣ የመድኃኒቱም የቤት ኪራዩም ገንዘብ ይቆማል። ከተማሪዋ በታች ሁለት ወንድሞች አሉ። አንደኛው በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚወስድ ነው፤ ሌላው ገና የስድስተኛ ክፍል ልጅ።

ስልክ ሲደወልላት ለክፍል ተጠሪዋ ብቻ ነግራ በማግሥቱ ተሳፈረች። እናቷ ከሆስፒታል እስኪወጡ አስታመመች። ከዚያ ጎረቤትና የዕድር ሰዎች ተራ ገብተው እንዲያዩላት ለምና፣ ጉዳይዋን ለመጨረስ ተመለሰች። መጋቢት 4 ግቢ ገባች፣ በማግሥቱ ማመልከቻዋን ሬጅስትራር መስኮት ላይ አቀረበች። የመጀመሪያው ማመልከቻ ይህ ነው፦

«ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጽ/ቤት

ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ ተማሪ (ስም) ከባድ የቤተሰብ ችግር ስለገጠመኝ ትምህርቴን መቀጠል አልቻልኩም። ቤተሰቦቼ ከእኔ በስተቀር ማንም የላቸውም። ስለሆነም ችግሬን ተረድታችሁ ለተወሰነ ጊዜ ፈቃድ እንድትሰጡኝ ስል በፈጣሪ ስም እጠይቃለሁ።»

የሬጅስትራር ሠራተኛዋ አንብባ፣ ከላይ ጠርዙ ላይ በእስክርቢቶ «በትምህርት ክፍሉ በኩል ይቅረብ፤ ማስረጃ ይያያዝ» ብላ ጽፋ መለሰችላት። ልጅቷ እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች።

«መምህር፣ እናቴ ተኝታ እኔ ወረቀት ላመላልስ? ዛሬ ማታ ብሄድስ? ወረቀቱን ጓደኞቼ ይጨርሱልኝ።»

ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። በዚያ ማመልከቻ ላይ ምንም ልትወስን አትችልም ነበር። ምክንያቱን ላስረዳ።

«ፈቃድ» የሚለው በግቢው አሠራር ለጥቂት ቀናት ከክፍል ለመቅረት የሚሰጥ ነው፤ እሱንም መምህሩ ወይም ትምህርት ክፍሉ ይጨርሰዋል። ሬጅስትራር የሚያውቀው ዊዝድሮዋል ነው፦ የተመዘገቡበትን ሴሚስተር በሕጋዊ መንገድ አቋርጦ መውጣት። ዊዝድሮዋል የራሱ ፎርም፣ የራሱ ፊርማዎች፣ የራሱ ቀነ ገደብ አለው። ርዕሱ ላይ «ፈቃድ» ተብሎ ከተጻፈ ወረቀቱ የሚገባበት ፋይል የለም።

«ለተወሰነ ጊዜ» የሚለውም እንዲሁ። ከመቼ እስከ መቼ? ሬጅስትራር ተማሪዋን ከየትኛው ቀን ጀምሮ ከክፍል ዝርዝር እንደሚያወጣት፣ መቼስ እንደሚጠብቃት ካላወቀ መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ነገር የለም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን «ማንም የላቸውም» የሚለው ነበር። ልጅቷ ይህን የጻፈችው ከልቧ ነው። ነገር ግን ማስረጃ ሲመጣ የቀበሌው ደብዳቤ እህትም ወንድሞችም እንዳሏት ይናገራል። ያኔ ፋይሉን የሚያየው ሰው የማመልከቻውን ቀሪ ቃል ሁሉ ይጠራጠራል። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ለምን ማስታመም እንደማይችል መጻፍ ረዘም ይላል፤ ግን የሚያሳምነው እሱ ነው።

«ጓደኞቼ ይጨርሱልኝ» የሚለውንም አልተቀበልኩትም። በእኛ ግቢ የዊዝድሮዋል ፎርም ላይ ተማሪው ራሱ ነው የሚፈርመው። ጓደኛ ሄዶ ቢፈርም አይቀበሉም፤ በሕጋዊ ውክልና ካልሆነ በቀር። ውክልና ለማውጣት ደግሞ ያው ቀን ይፈጃል። ጎረቤቶቿ ጋ ደውላ ጥቂት ቀን እንዲታገሷት ለመነቻቸው። እሺ አሏት።

አንድ ሴሚስተር ወይስ አንድ ዓመት?

ሁለተኛውን ማመልከቻ ከመጻፋችን በፊት ካሪኩለሙን ዘርግተን ተቀመጥን። ብዙ ተማሪ ይህን አያደርግም፤ ኋላ የሚቆጨውም በዚህ ነው።

ልጅቷ ያሰበችው ይህን ሴሚስተር አሳልፋ በመስከረም ከጓደኞቿ ጋር አራተኛ ዓመት ልትቀጥል ነበር። አይሆንም። በመደበኛው ፕሮግራም እያንዳንዱ ትምህርት በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። የሁለተኛ ሴሚስተር ትምህርት በመጀመሪያው ሴሚስተር አይገኝም። ከምታቋርጣቸው ትምህርቶች መካከል ደግሞ ለአራተኛ ዓመት ቅድመ ሁኔታ የሆኑ አሉ። ኮስት አካውንቲንግ ሁለተኛውን ሳይወስዱ ከእሱ የሚቀጥለውን መመዝገብ አይፈቀድም። ስለዚህ በመስከረም ብትመጣ የምትማረው ነገር ከሞላ ጎደል የለም። ዶርም ይዛ፣ ካፌ እየበላች፣ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ብቻ ይዛ ትቀመጣለች። ያም ቢሆን ትምህርት ክፍሉ ከፈቀደ ነው።

በሌላ አነጋገር አንድ ሴሚስተር ማቋረጥ ማለት ከግቢ አንድ ዓመት መራቅ ማለት ነው። ተመልሳ የምትገባው ከሥሯ ካለው ባች ጋር ነው። ይህን ስነግራት ረጅም ሰዓት ዝም አለች። የምትመረቀው ከጓደኞቿ አንድ ዓመት ዘግይታ መሆኑን ያኔ ነው የተረዳችው።

ስለዚህ ሌሎች መንገዶችን አየን። ክፍል እየቀረች ፈተና ብቻ ብትፈተንስ? ግቢው የመገኘት ግዴታ አለው፤ ብዙ የቀረ ተማሪ ለመጨረሻ ፈተና አይቀመጥም። ኢንኮምፕሊት ብታስይዝስ? ኢንኮምፕሊት የሚሰጠው ትምህርቱን ተከታትሎ ጨርሶ የመጨረሻ ፈተና ወይም አንድ ሥራ ለቀረው ተማሪ ነው፤ ሴሚስተሩን ገና ለጀመረ አይሆንም። ኮርስ ቀንሳ ሁለት ብቻ ብትይዝስ? ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ ጊዜው አልፏል። ባያልፍም የአንድ ቀን መንገድ እየተመላለሱ ሕመምተኛ ማስታመም አይቻልም።

የቀረው አማራጭ ዊዝድሮዋል ብቻ ሆነ። አንዴ ይህ ግልጽ ሲሆን የመመለሻው ጊዜም ራሱ ወጣ፦ የሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር። ሐኪሙ ከሚለው የማገገሚያ ጊዜም ጋር ገጠመ።

አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ትራንስክሪፕቴ አይበላሽም?» በሕጋዊ መንገድ ካቋረጠች የተመዘገበችባቸው ትምህርቶች ፊት ደብልዩ ይጻፋል። ደብልዩ ነጥብ የለውም፤ አማካይ ውጤቷ ውስጥ አይገባም። የሚያበላሸው ሳይናገሩ መጥፋት ነው። ዝም ብሎ የሄደ ተማሪ ስሙ ከክፍል ዝርዝር አይወጣም። መምህሩ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያንን ስም ባዶ ሊተወው አይችልም፤ ኤፍ ይሰጠዋል ወይም ውጤት የለውም ብሎ ያስገባል። በዚያ መንገድ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ኤፍ የተደረደረበት ተማሪ በኋላ በቤተሰብ ችግር ነው ቢልም፣ ሬጅስትራር የሚያየው በውጤት የተባረረ ሰው ነው።

ማስረጃው

ከሆስፒታሉ ይዛ የመጣችው የመውጫ ካርድ ነበር። የበሽታው ስምና የመድኃኒት ዝርዝር አለበት። ይህ እናቷ መታመማቸውን እንጂ ልጅቷ ትምህርት ማቋረጥ እንዳለባት አያሳይም። የሚያስፈልገው ሐኪሙ ሕመምተኛዋ ያለ ሰው እርዳታ መንቀሳቀስ እንደማይችሉና ይህም በግምት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ የጻፈበት ወረቀት ነው። የካርድ ቁጥር፣ ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የሆስፒታሉ ክብ ማኅተም ሊኖረው ይገባል። ወንድሟ ሄዶ አጻፈው። ሐኪሙ ቢያንስ ስድስት ወር የቅርብ ክትትልና ፊዚዮቴራፒ እንደሚያስፈልጋቸው ጻፉ።

የቀበሌው ደብዳቤ ይበልጥ አስቸገረ። መጀመሪያ የተሰጠው «ተማሪዋ የቤተሰብ ችግር ያለባት መሆኑን እንገልጻለን» የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ ነበር። ቀበሌዎች ይህን ስለለመዱት ሳያስቡ ይጽፉታል። ሬጅስትራር ዘንድ ግን አይጠቅምም፤ ከራሷ ማመልከቻ የተለየ ነገር አይነግርም። ወንድሟ ተመልሶ ሄዶ በቤቱ ውስጥ እነማን እንደሚኖሩ፣ አባት በሕይወት አለመኖራቸውን፣ ታላቅ እህት በውጭ አገር ሥራ ላይ መሆኗን እንዲጽፉለት ጠየቀ። ቀበሌው የቤተሰብ ቅጹን አይቶ፣ ሦስት የሚያውቋቸው ጎረቤቶች መስክረው ጻፈላት። ሁለቱም ወረቀቶች ፎቶ ተነሥተው በቴሌግራም መጡ፤ ዋናዎቹ ደግሞ በሚያውቁት የአውቶቡስ ረዳት እጅ ተላኩ። ሬጅስትራር ዋናውን ሳያይ አይቀበልም።

ስለ ማስረጃ ሌላም ነገር መከርኳት። የእናቷን ሕመም በማመልከቻው ላይ እንዳትዘረዝር። ማመልከቻው በብዙ እጅ ያልፋል፤ ግልባጩም በየቢሮው ይቀራል። የሐኪሙ ወረቀት በአባሪነት አለ፤ ዝርዝሩን ማየት ያለበት እዚያ ያየዋል። የእናቲቱ ክብር ሊጠበቅ ይገባል፤ ማመልከቻውም ያጥራል።

ሁለተኛው ማመልከቻ

«መጋቢት 9 ቀን

ለዩኒቨርሲቲው ዋና ሬጅስትራር ጽ/ቤት
በአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል በኩል

ጉዳዩ፦ የያዝኩትን ሴሚስተር በዊዝድሮዋል አቋርጬ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር እንድመለስ ስለመጠየቅ

እኔ የመታወቂያ ቁጥሬ ከታች የተገለጸው ተማሪ፣ የአካውንቲንግና ፋይናንስ የሦስተኛ ዓመት መደበኛ ተማሪ ነኝ። የዘንድሮውን የመጀመሪያ ሴሚስተር በጥሩ ውጤት አጠናቅቄ ለሁለተኛው ሴሚስተር ተመዝግቤ በመማር ላይ ነበርኩ።

እናቴ የካቲት 22 ቀን በድንገት ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። አሁን ቤት ቢሆኑም ያለ ሰው እርዳታ መንቀሳቀስም ሆነ መመገብ አይችሉም። ከሐኪም የተሰጠው ማስረጃ ቢያንስ ለስድስት ወር የቅርብ ክትትል እንደሚያስፈልጋቸው ይገልጻል። አባቴ በሕይወት የሉም። ታላቅ እህቴ በውጭ አገር ሥራ ላይ ስትሆን የቤተሰቡን ወጪ የምትሸፍነው እሷ ናት። ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ ተማሪዎች ናቸው፤ አንደኛው ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይወስዳል። በዚህ ምክንያት አሁን እናቴን ማስታመም የምችለው እኔ ነኝ።

የማቋርጣቸው ትምህርቶች የሚሰጡት በሁለተኛ ሴሚስተር ብቻ በመሆኑ በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ሴሚስተር ለመመለስ አስቤአለሁ። እስከዚያ አክስቴ የመኸር ሥራ ጨርሳ ከገጠር በመምጣት እናቴን ከእኔ እንደምትረከብ በቤተሰብ ተስማምተናል።

ስለሆነም ዊዝድሮዋሉ እንዲጸድቅልኝ፣ በውጤት መዝገቤ ላይ በዚሁ መሠረት እንዲመዘገብልኝ፣ የመመለሻ ማመልከቻ የማቀርብበት ጊዜም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
(ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ)

አባሪ፦ የሐኪም ማስረጃ 1 ገጽ፣ የቀበሌ ደብዳቤ 1 ገጽ፣ የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት 1 ገጽ

ግልባጭ፦ ለቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ፣ ለተማሪዎች አገልግሎት»

ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር ሲነጻጸር ልመናው ቀንሷል፤ መረጃው ጨምሯል። አክስቷን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የደብዳቤው ጉልበት እሱ ነው። የሚፈርም ሰው ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው «ይህች ልጅ እውነት ትመለሳለች?» የሚለውን ነው። እናት በስድስት ወር ባይሻላቸውስ? አክስቷ የምትመጣበት ወቅት ስለተጻፈ ጥያቄው መልስ አገኘ። ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናት። ወንድሟ ጋ ደውላ፣ እሱ ከእናቷ ጋር ተማክሮ አክስቷን አነጋግሮ ነው የተስማሙት። አክስት አሁኑኑ ያልመጡት የእርሻ ወቅት ደርሶ፣ ቤታቸውን የሚይዝላቸው ሰው ጠፍቶ ነው።

የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤቷን ያያያዝነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዊዝድሮዋልን ከመጥፎ ውጤት ለማምለጥ የሚጠቀሙበት ተማሪዎች አሉ፤ በተለይ ሚድ ከተፈተኑ በኋላ። ስለዚህ ፈራሚዎች ቀኑንና ውጤቱን ያያሉ። የእሷ ማመልከቻ የመጣው ሚድ ሳይጀመር ነው፤ ውጤቷም ጥሩ ነው። ወረቀቱ ይህን ራሱ ይናገር ብለን አያያዝነው። ማስጠንቀቂያ ላይ ያለ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር። ዊዝድሮዋል ያለፈውን ሴሚስተር ውጤት አይሰርዝም፤ ተማሪው ሲመለስ እዚያው ማስጠንቀቂያው ላይ ነው የሚቀጥለው።

ከፊርማ እስከ ክሊራንስ

እኔ እንደ አማካሪ ሁኔታውን እንደማውቅ አጭር አስተያየት ጽፌ ፈረምኩ። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ተመልሳ የምትወስዳቸውን ትምህርቶች ዘርዝሮ ወደ ኮሌጁ መራው። ኮሌጁ አጽድቆ ለሬጅስትራር ላከ። ይህ ሁሉ የተጠናቀቀው መጋቢት 16 ቀን ነው። በእያንዳንዱ ቢሮ ወረቀቱን ራሷ ይዛ ትገባ ነበር፤ በመልእክተኛ ቢሆን በዚህ ጊዜ አይጨርስም።

መዝገብ ቤት ስታስገባ ሁለት ቅጂ ይዛ እንድትሄድ ነግሬአት ነበር። አንዱን ያስቀራሉ። ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም መትተው ይመልሳሉ። ተማሪዎች ይህን ቅጂ ንቀውት ይተዉታል። ፋይል ሲጠፋ ግን ተማሪው በእጁ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ክሊራንስ መጣ። ክሊራንስ አንድ ወረቀት ነው፤ ጎንና ጎኑ የቢሮ ስም ተደርድሮበታል። ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት ክፍል፣ ንብረት ክፍል፣ ትምህርት ክፍል፣ ወጪ መጋራት። በየበሩ እየዞሩ «ዕዳ የለባትም» የሚል ፊርማና ማኅተም ይሰበሰብበታል። ቤተ መጻሕፍት ላይ በስሟ የወጣ መጽሐፍ ተገኘ፤ የዶርም ጓደኛዋ ዘንድ ነበርና መለሰችው። ዶርም ላይ ፕሮክተሯ ፍራሹንና የሎከሩን ቁልፍ ሳትረከብ አልፈርምም አለች። ፍራሹን ሁለት ጓደኞቿ ተሸክመው እስቶር አደረሱት። የወጪ መጋራት ቢሮ ላይ እስከዚያ ቀን የተጠቀመችበት ተሰልቶ ውሏ ላይ ተመዘገበ፤ ከተመረቀች በኋላ የምትከፍለው ነው። መታወቂያዋንና የምግብ ካርዷን አስረከበች። ከማስረከቧ በፊት መታወቂያውን ፊትና ጀርባ ፎቶ ኮፒ አድርጋለች። ስትመለስ የመታወቂያ ቁጥሯን የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋታልና።

በመጨረሻ ሬጅስትራር የሰጣት ደብዳቤ ሦስት ነገር ይላል፦ ከመጋቢት 16 ጀምሮ ዊዝድሮዋሏ መጽደቁን፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር መመለስ እንደምትችል፣ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት የሪአድሚሽን ማመልከቻ ማቅረብ እንዳለባት። የመጨረሻውን እንድትይዘው ደጋግሜ ነገርኳት። ዊዝድሮዋል ቦታን በራሱ አያስይዝም፤ ሰው ምዝገባ ቀን ዝም ብሎ ቢመጣ ስሙን በዝርዝሩ አያገኘውም። የእናቷ ሁኔታ ከታሰበው በላይ ከቆየም በተባለው ጊዜ መጥፋት የለባትም፤ ማራዘሚያ በደብዳቤ መጠየቅ አለባት። ግቢው የሚታገሰው ጊዜ ገደብ አለው፤ ካለፈ እንደ አዲስ አመልካች ነው የሚታየው።

በዚያው ማታ ተሳፍራ ሄደች።

ስትመለስ

በታኅሣሥ መጨረሻ ደወለችልኝ። እናቷ በከዘራ መራመድ ጀምረዋል። አክስቷ እህሉን አስገብታ እንደምትመጣ ቃሏን አጽንታለች። ወንድሟ ፈተናውን ወስዷል። የሪአድሚሽን ማስታወቂያው የሬጅስትራሩ ቴሌግራም ቻናል ላይ እንደወጣ ማመልከቻዋን ልካ፣ ጥር ላይ በአካል መጥታ ጨረሰች።

ሁለት እንቅፋት ገጠማት። የመጀመሪያው ካሪኩለሙ ነው። እሷ በሌለችበት የአንድ ትምህርት ኮድ ተቀይሯል፤ ሲስተሙ በአሮጌው ኮድ አይመዘግባትም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሁለቱ አንድ ዓይነት ትምህርት መሆናቸውን በደብዳቤ አረጋግጦ ተፈታ። ይህ የተለመደ ነው። ሙሉ ካሪኩለም የተቀየረ ጊዜ ግን ተጨማሪ ኮርስ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ የሚመለስ ተማሪ ከምዝገባ በፊት ትምህርት ክፍሉን ማነጋገር አለበት።

ሁለተኛው ከበድ ያለ ነበር። ውጤቷን ስታይ ካቋረጠቻቸው ትምህርቶች አራቱ ደብልዩ ናቸው፤ አንዱ ግን ኤፍ ይላል። አማካይ ውጤቷም በዚያ ምክንያት ወርዷል። ጉዳዩን ስናጣራ፣ ያንን ትምህርት የሚሰጡት ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጡ መምህር ናቸው። ዊዝድሮዋሏ ሲጸድቅ ደብዳቤው ለእኛ ትምህርት ክፍል ደርሷል፤ ለእሳቸው ግን አልደረሰም። እጃቸው ላይ ያለው ሴሚስተሩ ሲጀመር የታተመው የስም ዝርዝር ነው። ተማሪዋ በዝርዝሩ ላይ አለች፤ ፈተና ላይ የለችም። ኤፍ አስገቡ። ሬጅስትራር ውስጥ ሲስተሙን የያዘው ሠራተኛም ከጸደቀው ደብዳቤ ጋር አላመሳከረውም።

ከዚያ ወዲህ ለማማክራቸው ተማሪዎች የምነግራቸው አንድ ነገር ተጨምሯል፦ ዊዝድሮዋሉ እንደጸደቀ ከሌላ ትምህርት ክፍል መጥተው ለሚያስተምሩ መምህራን ቅጂውን በእጅ አድርሱ።

ልጅቷ የጸደቀውን ደብዳቤ ከነማኅተሙ፣ የገቢ ቁጥር ያለበትን ማመልከቻዋንና የክሊራንሱን ኮፒ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። ሦስቱንም ይዛ የውጤት ማስተካከያ ጠየቀች። መምህሩ ቀኑን አይተው ወዲያው ፈረሙ፤ ፈተናው የተሰጠው ከመጋቢት 16 በኋላ ነው። ኮሌጁ አጽድቆ ሬጅስትራር ኤፉን ወደ ደብልዩ ቀየረው። አማካይ ውጤቷ ከመሄዷ በፊት ወደነበረበት ተመለሰ፤ ለሁለተኛው ሴሚስተርም ሙሉ ኮርስ ይዛ ተመዘገበች።